ትርፉ የት ገባ? የሱቅ ደብተርና የወር ማጠቃለያ

«አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የምከፍለውን በደብተር እጽፋለሁ፤ ምሽት ላይ ደግሞ በመሳቢያው ውስጥ ያለውን ገንዘብ ቆጥሬ የዕለቱን ሽያጭ አወጣለሁ። ገበያው ጥሩ ነው፣ ደንበኛ አላጣሁም። ነገር ግን ወር ባለቀ ቁጥር መሳቢያው ካለፈው ወር ሳስቶ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ ‹ከስረሻል፣ ዝጊው› ይለኛል። እኔ ትርፉ የሆነ ቦታ እንዳለ ይሰማኛል፤ የት እንዳለ ግን ማሳየት አልቻልኩም። የሒሳብ ትምህርት የለኝም፣ ኮምፒውተርም አልጠቀምም። በደብተርና በእስክሪብቶ ብቻ ይህን ማወቅ ይቻላል? ለቤቴስ በወር ስንት ባወጣ ሱቁን አልጎዳም?»

ግራ የገባኝ ባለሱቅ

ውድ ጠያቂያችን፣

በደብተርና በእስክሪብቶ ይቻላል። መደመርና መቀነስ ከቻሉ የሚቀረው ነገር የትኛው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብቻ ነው። ወደ ትርፉ ከመሄዳችን በፊት ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ሳልፈው ያልቻልኩት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ሽያጩን መሳቢያውን ቆጥረው ያወጣሉ።

ይህን የሚያደርግ ባለሱቅ ብዙ ነው፤ ሒሳቡም ስህተት አይደለም። ማታ የተገኘው ገንዘብ ላይ ቀን የተከፈለውን ደምሮ ጠዋት የነበረውን ሲቀንሱ የሚቀረው የዕለቱ ሽያጭ መሆን አለበት። ችግሩ በዚህ መንገድ የሚሠራ መሳቢያ ፈጽሞ ሊጎድል አለመቻሉ ነው። መልስ በስህተት አብልጠው ቢሰጡ፣ ረዳትዎ ጥቂት ገንዘብ ቢያነሣ፣ እርስዎ ራስዎ ለቤት ወስደው ሳይጽፉ ቢቀሩ፣ ሁሉም «ዛሬ ሽያጩ ቀነሰ» በሚል ስም ይመዘገባል። ደብተሩ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ የሚገጥመው ግን ትክክል ስለሆነ ሳይሆን እንዲገጥም አድርገው ስለሠሩት ነው።

ስለዚህ ሽያጩ ከመሳቢያው ሳይሆን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ደረሰኝ የሚቆርጡ ከሆነ የደረሰኙ ቅጂዎች ድምር የዕለቱ ሽያጭ ነው። የማይቆርጡ ከሆነ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ አንድ ወረቀት ያስቀምጡና በተሸጠ ቁጥር ዋጋውን ብቻ ይጻፉበት። እርሳስና መላጲያ ለመሳሰሉት ጥቃቅን ዕቃዎች እያንዳንዱን መጻፍ የሚያሰለች ከሆነ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ረድፍ ሰጥተው በተሸጠ ቁጥር አንድ ጭረት ያድርጉ፤ ማታ ጭረቱን በዋጋው ማባዛት ነው። ይህ ወረቀት ማታ ስለማይጣል ከዕለቱ ደረሰኞች ጋር አያይዘው ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ጥሬ ገንዘብ መዝገቡ። ገጹን ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ ገቢ፣ በቀኝ ወጪ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀኑን፣ ምክንያቱንና መጠኑን ይጻፉ። ከግራው ገጽ አናት ላይ ከትናንት የዞረው ገንዘብ ይቀመጣል፤ ጠዋት ለመልስ ብለው የሚተዉት ዝርዝር ገንዘብም የዚሁ አካል ነው። ማታ የዞረውን ከገቢው ጋር ደምረው ወጪውን ሲቀንሱ በመሳቢያው ውስጥ መኖር ያለበት መጠን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቆጠራው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ አስቀድሞ የቆጠረ ሰው እጁ ሳያውቀው ወደ ቆጠረው ቁጥር ያዘነብላል።

አንድ ቀን እንይ።

ከትናንት የዞረ፦ 1,500
የዕለቱ የእጅ በእጅ ሽያጭ፦ 3,260
ከዱቤ ደንበኛ የተሰበሰበ፦ 400
ለአከፋፋይ የተከፈለ፦ 1,800
ለጭነት፦ 120
ለቤት የተወሰደ፦ 300
መኖር ያለበት፦ 2,940
ተቆጥሮ የተገኘው፦ 2,850
ጉድለት፦ 90

90 ጎደለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከኪሱ ሞልቶ ወይም ቁጥሩን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩን ራሱን ይዩት። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ ሲገለበጥ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል። 90 ለ9 ይካፈላልና የሽያጩን ወረቀት እንደገና እናንብብ፤ አንደኛው ሽያጭ 340 ሆኖ ሳለ ሲደመር 430 ተብሎ ተወስዷል። ስለዚህ ትክክለኛው ሽያጭ 3,170 ነው፤ መሳቢያውም አልጎደለም። ልዩነቱ ለሁለት የሚካፈል ሲሆን ደግሞ ግማሹን ፈልጉ፤ የ60 ወጪ በስህተት በገቢ በኩል ቢጻፍ መኖር ያለበት ገንዘብ በ120 አብልጦ ይታያል። እነዚህ የድሮ መዝገብ ያዦች ዘዴዎች ናቸው፤ ሁልጊዜ ባይሠሩም ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምሩ ይነግራሉ።

ፈልገው ካጡት ደግሞ «የገንዘብ ጉድለት» ብለው በወጪ በኩል ይጻፉና ቀሪውን ከተቆጠረው ጋር ያስማሙ። በልጦ ከተገኘም «ብልጫ» ብለው በገቢ በኩል ይጻፉ። አይደብቁት። ትንሽ ጉድለትና ትንሽ ብልጫ አንዳንዴ ወዲህ አንዳንዴ ወዲያ ሲሉ የመልስ አሰጣጥ ስህተት ነው፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ፣ በተለይም የተወሰነ ሰው መሳቢያው ላይ በሚሆንባቸው ቀናት ብቻ የሚታይ ጉድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ማየት የሚችለው በየቀኑ ጉድለቱን በስሙ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

በባንክ የሚከፍሉ ደንበኞች ካሉ ከገቢውም ከወጪውም ጎን አንድ የባንክ ዓምድ ይጨምሩ። ከመሳቢያ ወደ ባንክ የሚገባ ገንዘብ በመሳቢያው ወጪ፣ በባንኩ ገቢ ሆኖ ይጻፋል፤ የሱቁ ወጪም ሽያጭም አይደለም፣ ኪስ መቀየር ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ የባንክ ዓምዱን ቀሪ ባንኩ ከሚሰጥዎ የሒሳብ መግለጫ ጋር ያመሳክሩ። የሚገኘው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ባንኩ የቆረጠው ያልተጻፈ የአገልግሎት ክፍያ ነው።

ከዚህ መዝገብ ውጭ የሚያስፈልጉዎት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት የሚጻፍበት ደብተርና እርስዎ ለአከፋፋዮች ያለብዎት ዕዳ የሚጻፍበት ገጽ። በዱቤ የሄደ ዕቃ ገንዘብ ስላላመጣ በጥሬ ገንዘብ መዝገቡ ላይ አይታይም። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ይታያል፤ ያን ጊዜም «ከዱቤ የተሰበሰበ» ተብሎ ለብቻው እንጂ ከዕለቱ ሽያጭ ጋር ተቀላቅሎ አይጻፍም። ይህን መለየት ለምን እንዳስፈለገ ከታች ይገባዎታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ወሩ ሲያልቅ የመዝገቡን ገቢና ወጪ በየዓይነቱ ይደምሩ። ቁጥሮቹ የእርስዎ አይደሉም፤ ታሪኩ ግን ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል አንድ ሱቅ እንውሰድ። ወሩ ሲጀምር በመሳቢያና በባንክ 8,000 ነበረው። በወሩ ውስጥ ከእጅ በእጅ ሽያጭ 90,000፣ ከዱቤ ደንበኞች 6,000 ገባ፤ በድምሩ 96,000። ለአከፋፋዮች 78,000፣ ለኪራይ 6,000፣ ለረዳት ደመወዝ 4,000፣ ለመብራት፣ ለጭነትና ለጥቃቅን ነገር 2,000 ወጣ፤ ባለሱቋ ደግሞ ለቤት 11,000 ወሰደች። ወጪው በድምሩ 101,000 ነው። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ የቀረው 3,000 ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በ5,000 ቀነሰ።

ባለቤትዎ ይህን ገጽ ቢያዩ «ይኸው፣ ከሰርሽ» ይሉ ነበር። ገጹ ግን ስለ ትርፍና ኪሳራ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ገንዘብ ስለ መግባትና መውጣት ብቻ ነው። ትርፍን ለማወቅ መዝገቡ ላይ የሌሉ ሦስት ነገሮች በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ስንት እንደነበሩ መታወቅ አለበት፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ፣ ደንበኞች ያለባቸው ዱቤና ሱቁ ለአከፋፋዮች ያለበት ዕዳ።

በዚህ ሱቅ ወሩ ሲጀምር 40,000 የሚያወጣ ዕቃ ነበር፤ ሲያልቅ 50,000 ሆነ። በደንበኞች ላይ የነበረው ዱቤ ከ10,000 ወደ 14,000 አደገ። ለአከፋፋዮች ያለው ዕዳ ከ5,000 ወደ 7,000 ከፍ አለ።

መጀመሪያ ሽያጩን እናስተካክል። የእጅ በእጁ 90,000 ነው። ዱቤው ከ10,000 ተነሥቶ 6,000 ተሰብስቦለት ሳለ መጨረሻ ላይ 14,000 ሆኖ ከተገኘ፣ በወሩ ውስጥ 10,000 አዲስ ዱቤ ተሰጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ የወሩ ሽያጭ 100,000 ነው። የተሰበሰበው 6,000 እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እርሱ የቀደሙት ወራት ሽያጭ ነው። በዕለቱ ሽያጭ ላይ ቀላቅለው ጽፈውት ቢሆን ኖሮ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደሸጡ ይቆጠር ነበር።

ቀጥሎ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ። ለአከፋፋዮች የተከፈለው 78,000 ነው፤ ዕዳው ደግሞ በ2,000 ስለጨመረ የተገዛው ዕቃ 80,000 ነው። መጀመሪያ የነበረው 40,000 ሲደመር 120,000 ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 50,000ው አሁንም መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ ለሱቁ የፈጀው ዋጋ 70,000 ነው። ከ100,000 ሽያጭ ላይ ሲቀነስ 30,000 ያልተጣራ ትርፍ ይቀራል። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝና ጥቃቅን ወጪዎች፣ በድምሩ 12,000፣ ሲነሡ የወሩ የተጣራ ትርፍ 18,000 ነው።

ለቤት የወጣው 11,000 በዚህ ስሌት ውስጥ አለመግባቱን ልብ ይበሉ። የሱቁ ወጪ አይደለም፤ ከትርፉ ላይ የተወሰደ የባለሱቋ ድርሻ ነው። ከሱቁ ለቤት የሚወሰድ ደብተርና እስክሪብቶም እንዲሁ በተገዛበት ዋጋ ከዚሁ ጋር ይጻፋል፤ አለዚያ የጎደለ ዕቃ ሆኖ ያልተጣራውን ትርፍ ያሳንሰዋል።

እንግዲህ 18,000 ተተርፎ፣ 11,000 ተወስዶ፣ 7,000 በሱቁ ውስጥ መቅረት ነበረበት። በእርግጥም ቀርቷል። ነገር ግን ዕቃው በ10,000፣ ዱቤው በ4,000 ሲያድግ ከገንዘቡ 14,000 ውጠዋል፤ የአከፋፋዮቹ ዕዳ መጨመሩ 2,000 አግዟል። ከ7,000 ላይ 12,000 ሲነሣ 5,000 ይጎድላል። መሳቢያው በ5,000 የሳሳው ለዚህ ነው። ሁለቱ ስሌቶች፣ የገንዘቡና የትርፉ፣ በዚህ ቁጥር ላይ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ አንድ ነገር ተዘሏል፤ አብዛኛውን ጊዜም የተዘለለው ያልተጻፈ የቤት ወጪ ወይም ሳይመዘገብ የተሰጠ ዱቤ ነው። ብድር ወስደው ከሆነም የገባው ገንዘብ ሽያጭ፣ የተመለሰው ዋናው ብድር ወጪ ስላልሆነ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከብድሩ ጋር የተያያዘ ወጪ የሚሆነው ወለዱ ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ደካማ ጎን የዕቃ ቆጠራው ነው። መዝገቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ቆጠራው በ5,000 ከተሳሳተ ትርፉም በዚያው በ5,000 ይሳሳታል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ እንዲያውም ሁለት ሰው ሆነው፣ አንዱ እየቆጠረ አንዱ እየጻፈ ይሥሩት። ዕቃው የሚተመነው በተገዛበት ዋጋ ነው። በመሸጫ ዋጋ ከተመኑት ገና ያልሸጡትን ዕቃ ትርፍ አስቀድመው ቆጠሩ ማለት ነው፤ መደርደሪያውን በሞሉ ቁጥር «እያተረፍኩ ነው» ይላል ደብተሩ። የቀለሙ የደረቀ እስክሪብቶና ጠርዙ የተበላ ወረቀት ደግሞ አሁን በሚያወጣው ዋጋ ይቆጠር፤ ምንም የማያወጣ ከሆነ ዜሮ። ይህን ማድረግ ያማል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኪሳራው የደረሰው ዕቃው በተበላሸበት ቀን ነው እንጂ እርስዎ በጻፉበት ቀን አይደለም።

በየወሩ ሁሉንም መቁጠር የማይቻል ከሆነ በየሦስት ወሩ ሙሉ ቆጠራ ያድርጉና በመሃል ባሉት ወራት በለመዱት የትርፍ መጠን ይገምቱ። ከላይ ባለው ሱቅ ከየ100ው ሽያጭ 30 ያልተጣራ ትርፍ ስለተገኘ፣ በቀጣዩ ወር 80,000 ቢሸጥ የዕቃው ዋጋ ወደ 56,000 ገደማ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በ100 ገዝተው በ130 ሲሸጡ ከሽያጩ ላይ የሚተርፈው 30 በመቶ አይደለም፣ 30 ሲካፈል ለ130፣ ማለትም 23 በመቶ ገደማ ነው። በግዢው ላይ የጨመሩትን መቶኛ ለሽያጩ ከተጠቀሙበት ግምቱ በየወሩ የሌለ ትርፍ ይፈጥራል፤ የሦስት ወሩ ቆጠራ ሲደርስ ደግሞ ያ ሁሉ ትርፍ «የጠፋ ዕቃ» ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ረዳትን መጠርጠር ይጀመራል። ምስኪን ረዳት።

ያ 30 ቁጥር ከወር ወር ሲታይ ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ይናገራል። 30፣ 29፣ 31 እያለ ከሄደ ሰላም ነው። ድንገት 24 ከሆነ ደግሞ አከፋፋዮች ዋጋ ጨምረው እርስዎ በድሮው እየሸጡ ነው፣ ወይም ዕቃ ሳይመዘገብ እየወጣ ነው፣ ወይም ቆጠራው አንድ መደርደሪያ ረስቷል። መጀመሪያ ቆጠራውን፣ ቀጥሎ የአከፋፋዮችን የቅርብ ደረሰኞች ይመርምሩ፤ ለማጣራት የሚቀለው እርሱ ነውና።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ለራስዎ መረጃ የሚሆን ነው። ለግብር የሚጠየቀው የመዝገብ ዓይነት በየአገሩና በየንግዱ መጠን ስለሚለያይ የግብር ቢሮውን ይጠይቁ፤ በየትኛውም ቢሆን ደረሰኞችን አይጣሉ።

ለቤትዎ ስንት ያውጡ ላሉት፣ መልሱ ከሁለት ቁጥሮች የሚያንሰው ነው። አንደኛው የተጣራው ትርፍ ነው፤ ከእርሱ በላይ ከወሰዱ ሱቁን ራሱን እየበሉ ነው። ሁለተኛው የዕቃው፣ የዱቤውና የዕዳው ለውጥ ተቻችሎ ከዚያ ትርፍ ውስጥ በገንዘብ መልክ የሚቀረው ነው። በምሳሌያችን ትርፉ 18,000 ነው፤ 12,000ው ግን በዕቃና በዱቤ ስለታሰረ በእጅ የሚገኘው 6,000 ብቻ ነበር። 11,000 ስለተወሰደ መሳቢያው 5,000 አጣ። እኔ በባለሱቋ ቦታ ብሆን የቤቱን 11,000 ከመቀነሴ በፊት ዕቃው ለምን በ10,000 እንደጨመረ እጠይቅ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሆን ተብሎ የተከማቸ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ተሽጦ ገንዘቡ ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ ከቤቱ ወጪ ጥቂት ማዘግየት ይበቃል። አከፋፋዩ ዋጋ ቀንሻለሁ ስላለ ብቻ ተገዝቶ አቧራ የሚጠጣ ከሆነ ግን የሚቀነሰው የቤቱ ወጪ ሳይሆን የሚቀጥለው ትእዛዝ ነው። የዱቤ ደብተሩንም ገልጠው ለረጅም ጊዜ ምንም ያልከፈሉትን ለይተው ይጻፏቸው፤ የቆየውን ሳይከፍሉ አዲስ ዱቤ እንዳይሰጣቸው ለረዳትዎ ይንገሩት።